ካርድን ስልክ ዋሌት ውስጥ ማስገባት፦ ከመጀመሪያው ክፍያ በፊት ምን ይካሄዳል?

የባንክ ካርድን ስልክ ዋሌት ውስጥ፣ ማለትም ካርዱን ይዞ በስልክ ለመክፈል በሚያገለግለው መተግበሪያ ውስጥ፣ ማስገባት ከላይ ሲታይ የደቂቃ ሥራ ነው። ካርዱን በካሜራ ታነሳላችሁ፣ ከጀርባ ያለውን ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር ትጽፋላችሁ፣ ውሉን ትቀበላላችሁ፣ ኮድ ይመጣል፣ አለቀ። በዚያች ደቂቃ ውስጥ ግን ስልክ ሠሪው፣ እንደ ቪዛ ያለው የካርድ ኔትወርክና ባንኩ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ባንኩ «ይህ ሰው በእርግጥ የካርዱ ባለቤት ነው?» የሚለውን ይወስናል። በመጨረሻም ፕላስቲኩ ላይ ያልተጻፈ ሌላ ቁጥር ስልኩ ውስጥ ይገባል።

እዚህ የምናየው የአፕል ፔይን አሠራር ነው። አሜሪካ ውስጥ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 ሲሆን፣ የቆመውም በዚያው ዓመት ኢ.ኤም.ቪ.ኮ የተባለው የካርድ ኩባንያዎች የጋራ ድርጅት የካርዱን እውነተኛ ቁጥር በሌላ ቁጥር ስለመተካት ባወጣው የቶከን መመሪያ ላይ ነው። ዱባይና አቡዳቢ ያላችሁ ከ2017፣ ሳዑዲ ያላችሁ ከ2019፣ እስራኤል ያላችሁ ከ2021 ጀምሮ ይኸው አለላችሁ። አገር ቤት የለመድነው ቴሌብር ሌላ ነገር ነው። እሱ ከስልክ ቁጥር ጋር የተያያዘ የራሱ ሒሳብ አለው፣ ይሄኛው ግን የባንክ ካርድን ወስዶ ስልክ ውስጥ የሚያሳድር ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር አንዲት ሴት፣ ሰናይት እንበላት፣ አዲስ አይፎን ገዝታ የቪዛ ዴቢት ካርዷን ልታስገባ ነው።

ካርዱን በካሜራ ስታነሳው ስልኩ ፎቶውን አያስቀምጥም። ቁጥሩን ያነባል፣ ይቆልፈዋል፣ ወደ አፕል ሰርቨር ይልካል። አፕል ከመጀመሪያዎቹ አሃዞች ካርዱ የቪዛ መሆኑን ይለይና ቪዛ ብቻ ሊከፍተው በሚችል ቁልፍ እንደገና ቆልፎ ያስተላልፋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነው፦ ይህ ባንክ ይህን ዓይነት ካርድ ዋሌት ውስጥ እንዲገባ ይፈቅዳል? ብዙ ሰው «ካርድዎን ማስገባት አልተቻለም» የሚል መልእክት አይቶ ስልኩ የተበላሸ የሚመስለው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ስልኩ ምንም አልሆነም፣ ባንኩ ያንን የካርድ ዓይነት አልከፈተውም።

ይህ ካለፈ ውሉ ይመጣል። አብዛኛው ሰው ሳያነብ ይቀበለዋል፣ እኔ ግን ቢያንስ የባንኩን ክፍል አንብቡት እላለሁ፤ ስልካችሁ ቢጠፋ ወይም ሌላ ሰው ቢከፍልበት ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ የሚናገረው እሱ ነው።

ዋናው ምርመራ ከዚህ በኋላ ነው፣ ሰናይት ግን አታየውም። ስልኳ ከካርዱ ቁጥር ጋር ሌሎች መረጃዎችንም ይልካል። የስልኩ ስም፣ የስልክ ቁጥሯ የመጨረሻ አራት አሃዞች፣ እና በዚያች ሰዓት ያለችበት ቦታ ይሄዳሉ። ቦታው የሚላከው ኬክሮስና ኬንትሮሱ ወደ ሙሉ ቁጥር ተጠጋግቶ ነው። አንድ ዲግሪ ኬክሮስ ወደ 111 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ባንኩ ሰናይት ዋሽንግተን አካባቢ እንዳለች ይገምታል እንጂ በየትኛው ቤት እንዳለች አያውቅም። የአፕል አካውንቷ የቆየና ብዙ የተገዛበት ይሁን ወይም ትናንት የተከፈተ፣ እሱም ጠቋሚ ሆኖ ይሄዳል። ባንኩ ይህን ሁሉ እጁ ላይ ካለው መዝገብ ጋር ያስተያያል። ደንበኛዬ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው፣ ስልኩስ የት ነው ያለው? አራቱ አሃዞች እኔ ጋ ካለው ቁጥር ጋር ይገጥማሉ?

ከዚህ ሦስት መንገድ ይወጣል፣ የሙያው ሰዎች በትራፊክ መብራት ቀለም ይጠሯቸዋል። አረንጓዴ ከሆነ ካርዱ ያለ ተጨማሪ ጥያቄ ይገባል። ቀይ ከሆነ ይመለሳል፣ ምክንያቱም አይነገርም፤ ይህ ያናድዳል፣ ግን ምክንያቱን ቢናገሩ ሌባው የትኛውን ቀዳዳ መድፈን እንዳለበት ይማራል። ቢጫ ማለት «የምታስገባው ባለቤቷ ትመስላለች፣ ግን ታረጋግጥልኝ» ነው።

የሰናይት አይፎን አዲስ ስለሆነ ባንኩ ቢጫ ሰጣት እንበል። ስክሪኑ ላይ ምርጫ ይመጣል፦ በጽሑፍ መልእክት፣ በኢሜይል፣ ወደ ባንኩ በመደወል፣ ወይም በባንኩ መተግበሪያ ገብቶ ማረጋገጥ። ከጽሑፍ መልእክቱ አጠገብ የስልክ ቁጥር የመጨረሻ አሃዞች ብቻ ይታያሉ። ይህ ቁጥር የመጣው ከባንኩ መዝገብ ነው እንጂ እጇ ላይ ካለው ስልክ አይደለም። የማረጋገጫው ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም የካርድ ቁጥር ሰርቆ በራሱ ስልክ ሊያስገባ የሚሞክር ሌባ ኮዱ እሱ ጋ አይደርስም፣ ወደ ባለቤቱ ይሄዳል።

ከዳያስፖራው ዘንድ ደጋግሞ የሚሰማው ችግርም ከዚሁ ይመነጫል። ቁጥር ቀይረን ለባንኩ ሳንነግር እንቀራለን። ኮዱ ወደ አሮጌው ቁጥር ይሄዳል፣ እኛ እንጠብቃለን፣ ደጋግመን እንጠይቃለን፣ በመጨረሻም ባንኩ ሙከራው በዛ ብሎ ለጊዜው ይዘጋል። ስለዚህ ኮድ አልመጣም ማለት ሲጀመር መታየት ያለበት አጠገቡ የተጻፉት አሃዞች የአሁኑ ቁጥራችሁ መሆናቸው ነው። ካልሆኑ አትድከሙ፣ በካርዱ ጀርባ ባለው ስልክ ደውላችሁ መጀመሪያ ቁጥሩን አስለውጡ። ቁጥሩ ከተለወጠ በኋላም ባንኩ ወዲያው ላያምነው ይችላል፤ ዛሬ የተለወጠ ቁጥርና ዛሬ የገባ ካርድ አንድ ላይ ሲመጡ አጠራጣሪ ነው።

ሰናይት ኮዱን ጻፈች፣ ባንኩ አጸደቀ። አሁን ስልኩ ውስጥ የሚገባው ምንድን ነው? ፕላስቲኩ ላይ ያለው ቁጥር አይደለም። ቪዛ ቶከን የሚባል ሌላ ቁጥር ይፈጥራል። ሲታይ ማንኛውንም የካርድ ቁጥር ይመስላል፣ የራሱ ማብቂያ ቀን አለው፣ ከሰናይት እውነተኛ ቁጥር ጋር የሚያያዘው ግን የቪዛ መዝገብ ውስጥ ብቻ ነው። ከቶከኑ ጋር ሚስጥራዊ ቁልፍ ይላካል። ሁለቱ የሚቀመጡት አይፎኑ ውስጥ ከሌላው ሥርዓት ተለይታ በተሠራች የደህንነት ቺፕ ውስጥ ነው፣ ቁልፉም ከዚያች ቺፕ አይወጣም። አፕል ራሱ የካርዱን ቁጥርም ቶከኑንም በሰርቨሩ አያስቀምጥም። ባንኩ ገና ማረጋገጫ እየጠበቀ ከሆነ ካርዱ ዋሌት ውስጥ ይታያል ግን አይከፍልም፤ «በማንቃት ላይ» ብሎ የሚቆየው ለዚህ ነው።

የአንድሮይድ ጎግል ዋሌት እዚህ ላይ ይለያል። እሱ በተለየ ቺፕ ላይ ሳይንተራስ በሶፍትዌር ስለሚሠራ፣ ለጥቂት ክፍያ ብቻ የሚያገለግሉ ቁልፎች ይሰጡትና ሲያልቁ በኢንተርኔት ይታደሳሉ። ለረጅም ጊዜ ከኢንተርኔት ውጪ የቆየ አንድሮይድ ስልክ የሱቅ ክፍያ ማሽን ላይ እምቢ ሊል የሚችለው በዚህ ነው።

የመጀመሪያው ክፍያ ላይ ሰናይት ፊቷን ለስልኩ አሳይታ ወደ ማሽኑ ታስጠጋዋለች። ርቀቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስልኩ ቶከኑን ይሰጣል፣ በቁልፉ ደግሞ ለዚያች አንድ ክፍያ ብቻ የሚሆን ምልክት ይሠራል። ሱቁ ይህን ወደ ቪዛ ይልካል፣ ቪዛ ምልክቱን ይመረምራል፣ ቶከኑን ወደ እውነተኛው ቁጥር ይመልስና ለባንኩ ያቀርባል። የሱቁ ኮምፒውተር ነገ ቢዘረፍ ሌባው የሚያገኘው ቶከኑንና ያገለገለ ምልክት ነው። ሁለቱ ያለ ቁልፉ ምንም አይሠሩም።

ታዲያ ክፍያው ይህን ያህል ጠንካራ ከሆነ ሌባው የት ይሄዳል? ወደ መግቢያው። አፕል ፔይ በተጀመረ በወራት ውስጥ፣ በ2015 መጀመሪያ፣ አሜሪካ ውስጥ የታየው ማጭበርበር ይሄ ነበር። ቴክኖሎጂውን የሰበረው የለም። የተሰረቁ ካርዶችን በራሳቸው አይፎን አስገቡ፣ አንዳንድ ባንኮችም ቢጫው መንገድ ላይ በስልክ የሚጠይቁት ጥያቄ ልል ነበር። የግል መረጃ አብሮ የተሰረቀበት ሰው ጥያቄውን ሌባው መመለስ ይችላል። ከዚያ በኋላ ባንኮች ቢጫውን አጠነከሩ። አውሮፓ ውስጥ አሁን ካርድ ዋሌት ውስጥ ሲገባ ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ማረጋገጫዎች እንዲጠየቁ ሕጉ ያስገድዳል።

ዛሬ ደግሞ ሌባው ኮዱን ከእኛው ይለምነዋል። «የመንገድ ክፍያ አልከፈሉም» ወይም «ፖስታዎ ተይዟል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ሊንኩን ስትከፍቱ የካርድ ቁጥር ይጠይቃል፣ ከዚያ «ባንክዎ ኮድ ልኳል፣ እዚህ ያስገቡ» ይላል። በዚያው ሰዓት ወዲያ ማዶ ሌላ ሰው ካርዳችሁን በራሱ ስልክ እያስገባ ነው። ኮዱን ስትሰጡት ያለቀ ነገር ነው፤ የእናንተ ካርድ እሱ ኪስ ውስጥ ሕጋዊ ቶከን ሆነ። ባንኩ የሚያየው ትክክለኛ ኮድና ጤነኛ ስልክ ነው። ብዙውን ጊዜ ወዲያው አይከፍሉበትም፣ ነገሩ እስኪረሳ ይጠብቃሉ።

መለያው መልእክቱ ራሱ ውስጥ አለ። የባንኩ ኮድ ካርዱን ዋሌት ውስጥ ለማስገባት እንደሆነ አብዛኛውን ጊዜ በግልጽ ይጽፋል፣ ለማንም አትስጡ ይላል። አምስት ዶላር የመንገድ ክፍያ የሚከፍል ሰው «ካርድዎን ወደ አፕል ፔይ ለማስገባት» የሚል ኮድ ሊመጣለት አይገባም። ከመጣ ገጹን ዝጉትና ለባንኩ ደውሉ።

ሁለት ነገር ብዙ ሰው ግራ ያጋባል። አንዱ ደረሰኙ ላይ የሚወጣው የመጨረሻ አራት አሃዝ ነው። እሱ የቶከኑ ነው እንጂ የፕላስቲኩ አይደለም፣ ስለዚህ ዕቃ ስትመልሱ ሻጩ ካርዱን አይቶ «አይገጥምም» ቢላችሁ ስልኩን አውጡ፣ ዋሌት ውስጥ የካርዱን ዝርዝር ስትከፍቱ ያው አራት አሃዝ አለ። ሌላው የስልኩን የመክፈቻ ኮድ ማጥፋት ነው። አይፎን ላይ ኮዱን ካጠፋችሁት ካርዶቹ ከዋሌት ይወጣሉ፣ እንደገና ማስገባት ግድ ነው፣ ቢጫውም ሊመለስ ይችላል።

ስልኩ ቢጠፋ ባንኩ ወይም አፕል ያንን ቶከን ብቻ ያግዳሉ፣ ፕላስቲኩ ሥራውን ይቀጥላል። ካርዱ ጊዜው አልፎ ሲታደስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ መዝገቡ ውስጥ አዲሱን ቁጥር ከአሮጌው ቶከን ጋር ያያይዘዋል፣ ስልኩ ምንም ሳይጠይቃችሁ ይከፍላል። ብዙ ባንኮች በመተግበሪያቸው ካርዳችሁ የትኞቹ ስልኮች ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ ዝርዝር አላቸው፤ እዚያ የማታውቁት ስልክ ካያችሁ ከዝርዝሩ አስወጡትና በዚያው ቀን ለባንኩ ደውሉ።