ቬራሶል ምንድን ነው? መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ሶላር ለሚገዛ ሰው

ቬራሶል የሶላር መብራቶችና አነስተኛ የቤት ሶላሮች ካርቶናቸው ላይ የተጻፈውን በእርግጥ ይሠሩ እንደሆነ በቤተ ሙከራ የሚያስፈትሽ፣ ፈተናውን ላለፉት ደግሞ ማረጋገጫ የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ነው። ራሱ ሶላር አያመርትም፣ አይሸጥምም። ሥሩ እ.ኤ.አ. በ2007 የዓለም ባንክ ቡድን የጀመረው ላይቲንግ አፍሪካ ነው። ከ2020 ወዲህ የጥራት ማረጋገጫው ሥራ ቬራሶል በሚል ስም ክላስፕ በተባለ ድርጅት ይመራል።

ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋ ሮቢት ሶላር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ጥያቄው አንድ ነው፤ «ኦሪጅናል ነው?» ይላል። ሻጩም «ኦሪጅናል ነው እናቴ፣ ይኼማ ምን ጥያቄ አለው» ይላል። ጥያቄው መልሱን ይዞት የመጣ ስለሆነ ገዢዋ ስትወጣ የምታውቀው ስትገባ ከምታውቀው አይበልጥም። የቬራሶል ጥቅም ይህን ጥያቄ በሌላ መተካቱ ነው፦ «የዚህ ዕቃ ሞዴል ምን ይባላል?» ሞዴሉን ካወቁ በስልክ `verasol.org` ከፍቶ፣ ማረጋገጫ ካላቸው ምርቶች መካከል መኖር አለመኖሩን መፈለግ ይቻላል። ማረጋገጫው የሚሰጠው ለኩባንያው ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ሞዴል ነው። ዲላይትና ሰን ኪንግ የታወቁ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱም የተረጋገጡ ሞዴሎች አሏቸው። ሆኖም የታወቀ ስም ለማስመሰል ይመቻል። አንድ ፊደል ተቀይሮበት ወይም ቀለሙ ብቻ ተመሳስሎ የመጣ ካርቶን ከእውነተኛው አጠገብ ተደርድሮ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ የምርቱ ስም ብቻውን አይበቃም፤ ስሙና የሞዴሉ መለያ አንድ ላይ ሆነው ዝርዝሩ ውስጥ ካለው ጋር መግጠም አለባቸው። ካርቶኑ ላይ «የተረጋገጠ» ተብሎ መታተሙም ማስረጃ አይሆንም፤ ማተሚያ ቤት ያለው ሁሉ ሊያትመው ይችላል።

ፈተናው ምን እንደሚመስል ማወቅ ይጠቅማል፤ ማረጋገጫው ዋጋ ያገኘው ከዚያ ነውና። ናሙናውን አምራቹ መርጦ አይልክም። ከመጋዘን ወይም ከገበያ በዘፈቀደ ተወስዶ ገለልተኛ ቤተ ሙከራ ይገባል። ተንቀሳቃሽ መብራት ከሆነ ከ1 ሜትር ከፍታ ኮንክሪት ላይ ይጣላል። ማብሪያ ማጥፊያውና የገመዱ መሰኪያ 1,000 ጊዜ ይሠራል። አምፖሉ እስከ 2,000 ሰዓት በርቶ ብርሃኑ ምን ያህል እንደደከመ ይለካል። ከሁሉ በላይ ካርቶኑ ላይ የታወጀው የብርሃን መጠን፣ የባትሪ አቅምና የመብራት ሰዓት ከተለካው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱ ከ15 በመቶ እንዲበልጥ አይፈቀድም። በእኔ ግምት ለገዢ ትልቁ ነገር ይኼኛው ነው። ደካማ ዕቃ ደካማ መሆኑን ቢናገር ዋጋው ያዋጣኝ እንደሆነ አስቤ ልገዛው እችላለሁ፤ የሚጎዳን የሌለውን አለኝ የሚለው ነው።

እንዴት እንደሚዋሽ በምሳሌ እንየው። መሐል ሜዳ ላይ አነስተኛ ሱቅ ያላት ሴት አለች እንበል። ብዙ ጊዜ መብራት የሚሄድባት ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው፤ ገበያዋ ያለውም በዚያው ሰዓት ነው። አንድ አምፖል ለሱቁ፣ አንድ ለጓዳው ትፈልጋለች፤ ስልኳንም ቻርጅ ማድረግ ያስፈልጋታል። ደብረ ብርሃን ወርዳ ሁለት ካርቶን ቀረበላት። አንደኛው 60 ዋት ፓኔልና 20,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ባትሪ አለኝ ይላል። ሁለተኛው 6 ዋት ፓኔልና 6,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ባትሪ ይላል፤ ዋጋው ግን ከመጀመሪያው ይበልጣል። ሰው ሁሉ እጁን ወደ መጀመሪያው ይሰዳል።

ካርቶኑ ይከፈትና ፓኔሉ ይውጣ። የሁለቱም ፓኔል ስፋት ከተማሪ ደብተር አይበልጥም። ጠራራ ፀሐይ ላይ አንድ ካሬ ሜትር ጥሩ ፓኔል የሚሰጠው 200 ዋት አካባቢ ነው። ደብተር 16 በ20 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ከካሬ ሜትር ሠላሳ አንድ እጅ አንዱ ነው፤ ስለዚህ ምንም ቢመረት ከ6 ወይም ከ7 ዋት በላይ ሊያወጣ አይችልም። እውነተኛ 60 ዋት ፓኔል ቢያንስ 50 በ60 ሴንቲ ሜትር ያህል መስፋት አለበት። እንግዲህ አንደኛው ካርቶን አሥር እጥፍ ዋሽቷል ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ኢንተርኔትም መሣሪያም አላስፈለገም፤ የሚያስፈልገው ፓኔሉን በዓይን ማየት ነው። ስለ ፓኔሉ ይህን ያህል የዋሸ ካርቶን ስለ ባትሪው እውነቱን ይናገራል ብዬ አላምንም።

አሁን ሁለተኛው ካርቶን ይበቃት እንደሆነ እናስላ። አንድ ዋት የሚወስድ አምፖል አንድ ሰዓት ሲበራ አንድ ዋት ሰዓት ይበላል። በዛሬዎቹ የኤልኢዲ አምፖሎች አንድ ዋት ለአነስተኛ ክፍል የሚሆን ብርሃን ይሰጣል። ሁለት አምፖል ለአራት ሰዓት ሲበራ 8 ዋት ሰዓት ይሆናል። የባትሪውን አቅም ለማግኘት ሚሊአምፕ ሰዓቱን በቮልቱ ማባዛትና ለ1,000 ማካፈል ነው። እንዲህ ባሉ መብራቶች የተለመደው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ 3.2 ቮልት ስለሆነ፣ 6,000 ሚሊአምፕ ሰዓት ወደ 19 ዋት ሰዓት ይመጣል። ባትሪው ሞልቶ ካደረ ሁለት ምሽት ያህል ያበራላታል።

ችግሩ ስልኩ ነው። የዛሬ ስማርት ስልክ ባትሪ ባዶውን ሞልቶ ለመነሳት 15 ዋት ሰዓት ይፈልጋል፤ በገመድና በቻርጀር የሚባክነው ሲታከልበት ወደ 20 ይጠጋል። አንድ ስልክ ብቻውን የመብራቷን ባትሪ ጨረሰው ማለት ነው። ብዙ ሰው «ሶላሩ ተበላሸ፣ ሁለት ሰዓት እንኳ አያበራም» የሚለው ዕቃው ተበላሽቶ አይደለም፤ ቀን ላይ ስልክ ጠጥቶት ነው። ቁልፍ ያላት ትንሿ ስልክ ግን ከ4 ዋት ሰዓት ብዙም አትዘልልም፤ እሷን ሶላሩ ይችላታል። ባለ ሱቋ ስማርት ስልኳን መብራት ሲመጣ ከግድግዳ ሞልታ፣ ሶላሩን ለአምፖሎቹ ብትተው ይኼ ዕቃ ይበቃታል። ስልኩንም ከሶላር ካለች ባትሪውም ፓኔሉም ከፍ ያለ ሌላ ሞዴል መፈለግ አለባት።

ክረምት ደግሞ ሌላ ስሌት አለው። የተረጋገጡ ሞዴሎች ዝርዝር መግለጫ ሁለት ዓይነት የመብራት ሰዓት ያስቀምጣል፦ ባትሪው ሙሉ ሆኖ ሲጀምር የሚያበራበትና በአንድ ቀን ፀሐይ ብቻ ተሞልቶ የሚያበራበት። ሁለተኛው የተለካው ጥሩ ፀሐይ ያለበትን ቀን ታሳቢ አድርጎ ነው፤ ይኸውም ጠራራ ፀሐይ አምስት ሰዓት ያህል እንደሚቆይ ተቆጥሮ። በዚያ ቀን 6 ዋት ፓኔል ብክነቱ ተቀንሶ ወደ 20 ዋት ሰዓት ባትሪው ውስጥ ያስገባል። ሐምሌና ነሐሴ መንዝ ላይ፣ ጣርማ በር ላይ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጉሙና ዝናቡ ሲያያዝ ግን ግማሹን ማሰብ ይሻላል፤ የጨለመ ሳምንት ከሆነ ከዚያም ያንሳል። ባለ ሱቋ በ10 ዋት ሰዓት ሁለቱን አምፖሎች ታበራለች፣ ትርፍ ግን የላትም። እንደኛ መብራት ገባ ወጣ በሚልበት ከተማ ለሚኖር ሰው ስለዚህ ከፀሐይም ከግድግዳም ቻርጅ የሚሆን ሞዴል አስበልጣለሁ። ከገጠር፣ ጨርሶ መስመር ካልገባበት ቀበሌ የሚመጣ ሰው ግን ትልቅ ፓኔል ያለውን ይምረጥ፤ ለእሱ የባትሪው ሙሉ ሰዓት ሳይሆን የአንድ ቀን ፀሐዩ ሰዓት ነው የሚቆጠረው።

ፓኔሉ መብራቱ ጀርባ ላይ ከተለጠፈ ይልቅ በገመድ የተለየ ቢሆን ይመረጣል። ተለጣፊው መብራቱን ከነባትሪው ፀሐይ ላይ ያስጥዳል፤ ሸዋ ሮቢትና አጣዬ በመሰለ ቆላ ሙቀቱ የባትሪውን ዕድሜ ያሳጥራል። ደጋ ላይ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ባለበት ሌሊት ዕቃውን ውጭ ማሳደር አይገባም፤ የሊቲየም ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ሲሞላ ይጎዳል። ገመድ ያለው ከሆነ ፓኔሉ ጣሪያ ላይ፣ ባትሪው ቤት ውስጥ ይሆናል።

ቬራሶል የማይመልሰውም ጥያቄ አለ። ተለያይተው የተገዙ ፓኔል፣ ባትሪና አምፖል አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ገጣጥሞ ቢሰጥዎ ያ በዚህ ማረጋገጫ አይሸፈንም፤ ማረጋገጫው ተሟልቶ በአንድ ካርቶን ለሚመጣ ዕቃ ነው። ማረጋገጫውም ጊዜ አለው፤ የድሮ ሞዴል ከዝርዝሩ ሊወጣ ይችላል። ከሁሉ የሚከብደው ግን የዋስትናው ጉዳይ ነው። ደረጃው ለአነስተኛ መብራት ቢያንስ የአንድ ዓመት፣ ከፍ ላለው የቤት ሶላር ደግሞ ለዋናው ክፍልና ለፓኔሉ የሁለት ዓመት ዋስትና ያዛል። ወረቀቱ ላይ ይኼ ይጻፋል፤ ዕቃው ሲበላሽ ማን እንደሚቀበል ግን ወረቀቱ አያሳይም። ስለዚህ ሻጩን «ቢበላሽ እዚሁ ትቀይሩልኛላችሁ ወይስ አዲስ አበባ መሄድ አለብኝ?» ብሎ ከመክፈል በፊት መጠየቅ ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመሐል ሜዳ ለሚነሳ ደግሞ የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱና የሚባክነው ቀን የአነስተኛ መብራት ዋጋ ሊያክል ይችላል። ሁለት ሞዴሎች እኩል የተረጋገጡ ከሆኑ፣ ጥቂት ቢወደድም ደብረ ብርሃን ላይ ተቀባይ ያለውን እመርጣለሁ። የዋስትና ካርዱ ላይ የሱቁ ማኅተም፣ የተገዛበት ቀንና የዕቃው መለያ ቁጥር ይጻፍ፤ ደረሰኙም ከካርዱ ጋር ይቀመጥ።

ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ዕቃው በርቶ ይታይ። ፓኔሉን ይዞ ደጅ መውጣትና ሰክቶ የቻርጅ ምልክቱ መብራቱን፣ በእጅ ሲከለል ደግሞ መጥፋቱን ወይም መቀየሩን ማየት ይቻላል፤ ገመዱን መሰኪያው አጠገብ ሲያወዛውዙት ምልክቱ የሚቆራረጥ ከሆነ ሌላ ይቀየርልኝ ይበሉ። ቤት ሲገባ መጀመሪያ ሙሉ ቀን ፀሐይ አግኝቶ ይሙላ። ከዚያ ስልክ ሳይሰካበት በተለመደው የብርሃን ደረጃ ይብራና እስኪጠፋ ሰዓቱ ይያዝ። መግለጫው ለ12 ሰዓት ያበራል ብሎ በ6 ሰዓት ውስጥ ከጠፋ፣ ዋስትናው ሳይቀዘቅዝ በዚያው ሳምንት ይዞት መመለስ ነው።