«ሰው ሲታማ ለእኔ ብለህ ስማ»

ሐሜት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ስሚማ» በሚል ቃል ነው። ይህ አባባል ደግሞ «ስማ» ብሎ ያልቃል። ሁለቱም ጆሮህን ይፈልጋሉ፤ የሚፈልጉበት ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ብዙዎቻችን አባባሉን የምናውቀው «ዛሬ እሱ ከታማ ነገ ተራው ያንተ ነው» በሚል ትርጉም ነው። ልክ ነው። እኔ ግን «ለእኔ ብለህ» የምትለዋ ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። ስሙ የተነሳው ሰው እኔ ብሆንስ ብለህ ስማ ነው የሚለው። እንደዚያ የሰማ ሰው ወዲያው አንድ ነገር ይጠይቃል፦ እኔ በሌለሁበት ስሜ ሲነሳ የሚሰማው ሰው ምን ቢል ደስ ይለኝ ነበር?

ደግሞ ልብ በሉ፣ አባባሉ ውስጥ ሐሜተኛው የለም። «ሲያማ» አላለም፣ «ሲታማ» ነው ያለው። የሚታማው አለ፣ የሚሰማው አለ። ምክሩ በሙሉ ለሰሚው ነው።

ሥሩን ካየን በግዕዝ «ሐመየ» አማ፣ «ሰምዐ» ደግሞ ሰማ ማለት ነው። በግዕዝ አንዱ በ«የ» ሌላው በ«ዐ» ስለሚያልቅ ቤት አይመቱም። አማርኛ ውስጥ እነዚያ የመጨረሻ ድምፆች ጠፍተው «አማ» እና «ሰማ» ሲሆኑ ነው «ሲታማ» ከ«ስማ» ጋር የገጠመው። ስለዚህ አባባሉ እዚሁ አማርኛው ውስጥ፣ ከሰው አፍ የተወለደ ይመስለኛል።

እኔ ትርጉሙ የገባኝ ለገሃር አካባቢ ቢሮ ስሠራ ነው። አሥር ሰዓት ሲሆን ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ምድር ቤት ወርደን ማኪያቶ እንጠጣ ነበር። አንድ ቀን «ስሚማ» አለችኝ። «ገንዘብ ያዥዋ እኮ ውሎ አበል የምትከፍለው ለምትወዳቸው ነው። አንቺንስ ስንት ቀን አቆየችሽ?»

«የእኔ ሦስት ቀን ቆይቷል» አልኳት። እውነት ነው፣ ቆይቷል። ከዚያ በኋላ ምንም አልጨመርኩም። ግን እሷ ባወራች ቁጥር እኛ እንደምናደርገው አየር ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግሁ «እህ… ውይ» እል ነበር። ያ ትንፋሽ በእኛ አገር «አዎ» ማለት ነው።

በሳምንቱ ገንዘብ ያዥዋ ሰላምታዬን በግማሽ አፏ መለሰችልኝ። ወሬው እሷ ጋ የደረሰው «ታዳላለች ብላለች» ተብሎ ነው። ሦስት ቀኔ ማስረጃ፣ ትንፋሼ ምስክርነት ሆነው ነበር። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ ያልኩትንም ቃል በቃል ነገርኳት። የክፍያ ሰነዱ ፊርማ ጎድሎት አለቃው ጠረጴዛ ላይ እንደቆየ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ቀድሞውኑ መጠየቅ የነበረብኝ እሷን ነበር።

ከባልደረባዬ ጋር ግን አልተኳረፍኩም። የምታማ ሰው ብትኮርፋት ቀጣዩ ርዕስ ትሆናለህ። በሰው ፊት መገሠጽም አይሆንም፣ ማዋረድ ነው። «እህ» ማለቴን አቆምኩ። ስም ስታነሳ «እሷ በሌለችበት ይከብደኛል፣ የኔ እናት። ከፈለግሽ አብረን እንጠይቃት» እላታለሁ። ከዚያ ወዲያው ስለ ራሷ እጠይቃታለሁ። «ዝም አልሽ፣ እሷን ፈርተሽ ነው?» ያለችኝ ጊዜ ነበር። ይህ ጥያቄ አንድ ቃል ለማስወጣት ነው የሚመጣው። «አይ፣ በሥራ አልተጋጨንም» ብዬ አለፍኩት። እዚህ ላይ ማብራሪያ ከጨመርክ ማብራሪያህ ነው ነገ የሚዞረው። ለሁለት ሳምንት ያህል ማኪያቶውን ቀነሰችብኝ። ያን መቻል ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳይቀላቀል። ሰው የደረሰበትን በደል ሲነግርህ ሐሜት አይደለም። አንዲት ልጅ አለቃዋ ያለ ፈቃዷ እንደሚነካካት ብትነግርህ «እሱ በሌለበት አላወራም» ማለት ጭካኔ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሥራ ቦታ ወሲባዊ ትንኮሳን ይከለክላል። ቀኑንና ቦታውን እንድትጽፍ እርዳት፣ አቤት ስትልም አብረሃት ሂድ። እኔ የምለየው በዚህ ነው፦ የተበደለችዋ መፍትሔ ስትፈልግ ነገሩን መፍታት ለሚችል ሰው ቢነገርላት ደስ ይላታል። ሐሜተኛ ግን «እንሂድና እንንገራት» ስትላት «ኧረ ተይ፣ እኔን እንዳታነሺኝ» ትላለች።

ባልደረባዬም ልክ እንደዚያ ብላኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ተመልሳ ደረጃው ላይ ጠበቀችኝ። «ስሚማ» ስትል ሰውነቴ ጠበቅ አለ። ልጇ ሒሳብ ወድቆባት ኖሮ፣ ጥሩ አስጠኚ አውቅ እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው።