ጉድፍ የገባበትን ዓይን አትሹ

«ዓይኔ ውስጥ ጉድፍ ሲገባ ትንሽ ካሸሁት ከእንባው ጋር ይወጣ የለ?»

ኧረ በፍጹም! የዓይን ክሊኒክ ነርስ ነኝ፤ ይህን ነገር መስማት ሰልችቶኛል። እንባው ብቻውን ብዙ ጉድፍ አጥቦ ያወጣል። እናንተ ግን በማሸት ሥራውን ታበላሹበታላችሁ። ጉድፉ ብዙ ጊዜ የሚደበቀው ከላይኛው የዓይን ቆብ ሥር ነው። ስታሹ ቆቡ ጉድፉን ይዞ፣ ብሌኑን ከፊት የሚሸፍነውን ስስ ጥርት ያለ ክፍል ይፍቀዋል።

ባለፈው የካቲት አንዲት ወጣት መጣች። ታክሲ ስትጠብቅ ነፋስ አቧራ ዓይኗ ውስጥ ከቶባት ሌሊቱን ስታሽ አድራለች። ቢጫ ቀለም ጠብ አድርገን በሰማያዊ መብራት ስናያት፣ ድመት የቧጨራት የሚመስሉ፣ ቁልቁል የወረዱ አረንጓዴ መስመሮች ታዩ። መስመሩ ቁልቁል ከሆነ ከላይኛው ቆብ ሥር የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ቆቡን በጥጥ እንጨት ገልብጠን አየን፦ ከጤፍ ያነሰች አሸዋ! እሷን ማውጣት የአፍታ ሥራ ነበር። የቧጨራው ሕመም ግን ለሁለት ቀን እንቅልፍ ነሳት።

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

መጀመሪያ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ኮንታክት ሌንስ ካለ አውጡ። ንጹሕ የቧንቧ ውኃ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በንጹሕ ብርጭቆ ያዙ። ጉድፍ የገባበት ዓይን ወደ ታች እንዲሆን ጭንቅላታችሁን አዘንብሉ፤ እንዲህ ሲሆን እጣቢው ወደ ጤነኛው ዓይን አይሄድም። ቆቦቹን በጣት ከፍታችሁ ከአፍንጫ በኩል ወደ ውጭ ቀስ እያላችሁ አፍስሱ። በመሃል እያርገበገባችሁ ለጥቂት ደቂቃ ቀጥሉ። ውኃው ይፍሰስ እንጂ በኃይል አይርጩት።

«በነጠላ ጫፍ ላውጣው? እፍ ይበሉልኝ? በምላስ? የጡት ወተትስ?»

አንዱንም አታድርጉ። ጨርቁ ይቧጭራል፤ የቀሩት ጀርም ይጨምራሉ።

«አጥቤዋለሁ፤ አሁንም ይቆረቁረኛል፤ እንግዲህ አልወጣም ማለት ነው።»

የግድ አይደለም። ቧጨራ ራሱ ጉድፍ ያለ ያስመስላል። ትንሽ ቧጨራ በአንድ ሁለት ቀን ይድናል፤ ሕመሙም በየሰዓቱ እየቀለለ መሄድ አለበት። ከባሰ፣ እይታችሁ ከደበዘዘ ወይም ብርሃን ማየት ካቃታችሁ ወደ ዓይን ሐኪም ሂዱ። ከፋርማሲ የማደንዘዣ ጠብታ ገዝታችሁ አትጠቀሙ፤ ሕመሙን ደብቆ ቁስሉ እንዳይድን ያደርጋል።

የግራይንደርና የብየዳ ሠራተኞች፣ ለእናንተ ደግሞ ሌላ ነው። የብረት ብናኝ ከተሰካ ውኃ አይነቅለውም፤ ውሎ ሲያድር ዙሪያውን ይዝጋል። ስትመቱ ወይም ስትቆርጡ በፍጥነት የተፈናጠረ ነገር ዓይናችሁን ከመታው አትጠቡት፣ አትጫኑት። ዓይኑን የማይነካ ነገር ከላይ ጋርዳችሁ ወዲያው ሆስፒታል ድረሱ።

ኖራ ወይም ሲሚንቶ ከገባ ግን አንድ ደቂቃም አትጠብቁ። የቧንቧ ውኃ እያፈሰሳችሁ ቢያንስ 20 ደቂቃ እጠቡ፤ ወደ ሐኪም የምትሄዱት ከዚያ በኋላ ነው።