በሰው ስም የተመዘገበ ድርሻ፦ የጎንደር ሆቴሎችን እንደ ምሳሌ

በንግድ መዝገብ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው ሁሉ ባለቤት አይደለም። አንዳንዱ ስሙን ብቻ ያበደረ ነው። ገንዘቡ የሌላ፣ ትርፉም የሌላ ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ልማድ አንዱ መነሻ ሕጉ ራሱ ነበር። በ1952ቱ የንግድ ሕግ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ቢያንስ ሁለት አባላት ያስፈልጉት ነበር። ስለዚህ ብቻውን መሥራት የፈለገ ሰው ሚስቱን ወይም ወንድሙን በጥቂት ድርሻ ለቁጥር ማሟያ ያስገባ ነበር። በ2013 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1243 ባለ አንድ አባል ማኅበር ፈቀደ። ይህ ሰበብ ቀረ፤ ሌሎቹ ግን አሉ። ከአበዳሪ መሸሽ፣ ሹመት ላይ ሆኖ ሀብት መደበቅ፣ ለውጭ ዜጋ ያልተፈቀደ ሥራ ውስጥ መግባት።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ አንድ ሆቴል አለ እንበል። ካፒታሉ አንድ ሚሊዮን ብር፣ በ1,000 ድርሻ የተከፈለ። መዝገቡ 990ው የእህት፣ 10ሩ የአጎት ልጅ ነው ይላል። ገንዘቡን የላከው ግን ውጭ ያለው ወንድም ነው። እህትየው ለወንድሟ ወዳጅ ሙሉ ውክልና ትሰጣለች። ቀን ያልተጻፈበት የድርሻ ማስተላለፊያ ወረቀትም ፈርማ ትሰጣለች። ወንድምየው ሲፈልግ ቀን ሞልቶ ያወጣዋል።

ጥምቀት ደርሶ ክፍሎቹ ሲሞሉ ሁሉም ሰላም ነው። ጣጣው የሚመጣው እህትየው ስትሞት ወይም ስትፋታ ነው። ወራሾች ድርሻውን ይጠይቃሉ፤ ባልም በትዳር ውስጥ የተፈራ የጋራ ንብረት ነው ይላል። የእሷ ባለዕዳነትም ድርሻውን ሊያሳግድ ይችላል። ወንድምየው እውነተኛው ባለቤት እሱ ነው የሚለውን፣ መሳቢያ ውስጥ ያስቀመጠውን የጎን ውል ይዞ ፍርድ ቤት ቢሄድም፣ ውሉ ሕግን ለማለፍ የተደረገ ከሆነ አይጸናለትም። እውነቱን ለመናገር፣ አብዛኛው ሰው ይህን የሚያስበው ከተጣላ በኋላ ነው።

ስም አበዳሪን ከወረቀቱ ላይ መለየት ይከብዳል፤ ከገንዘቡ ግን ይቀላል። በወር ደመወዝ የሚተዳደር ሰው ሚሊዮን ብር ከየት አመጣ? ከባንክ ብድር ጀርባ በግሉ ዋስ የሆነው ማን ነው? አባል ያልሆነ ሰው ለምን ቼክ ይፈርማል? የትርፍ ክፍያው ገብቶ በማግስቱ ወዴት ወጣ? ባንኮችም እውነተኛውን ተጠቃሚ ባለቤት ለይተው የማወቅ ግዴታ አለባቸው።

ትረስት ሲጨመር ነገሩ ሌላ ነው። ንብረቱን የሚሰጥ፣ በአደራ የሚያስተዳድርና የሚጠቀም ሦስት የተለያዩ ወገኖች ይሆናሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 516 ጀምሮ ይህን ያውቃል፤ የጎንደር ነጋዴ ግን እምብዛም አይጠቀምበትም። የሚያጋጥመው የሆቴሉ ድርሻ በውጭ ኩባንያ ስም ሲያዝ፣ የዚያ ኩባንያ አክሲዮን ደግሞ በትረስት ሥር ሲሆን ነው። እዚህ ያለው መዝገብ የሚያሳየው የኩባንያውን ስም ብቻ ነው። ብዙ አገሮች 25 በመቶና ከዚያ በላይ የያዘ ሰው ይታወቅ ይላሉ። ተንኮለኛው ታዲያ ለአራት ዘመድ ሃያ አራት ሃያ አራት፣ ለአምስተኛው አራት በመቶ ያከፋፍላል። አምስቱም ለአንድ ሰው ውክልና ሰጥተው ከሆነ፣ እውነተኛው ባለቤት ያ ወኪል ወይም ከእሱ ጀርባ ያለው ሰው ሊሆን ይችላል።