ቬክተር ምንድን ነው? ትንሽ ሎጎ ትልቅ ባነር ላይ ከመውጣቱ በፊት

ደንበኛው ሎጎውን በስልክ ላከልኝ። ስከፍተው ጥርት ያለ ነው። ክብ ቀለበት አለው፤ በቀለበቱ ውስጥ አንድ ቅጠል፣ ከሥር የድርጅቱ ስም፣ ከስሙ ሥር ደግሞ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ መፈክር። "4 ሜትር ባነር ላይ ነው የሚወጣው፤ ሎጎው ጎላ ይበልልኝ" አለ። ፋይሉን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ ልኩን አየሁ። ወርዱ 480 ፒክስል ነው።

ይበቃል ወይስ አይበቃም? ስልክ ላይ አይቶ መፍረድ አይቻልም፤ ትንሽ ስክሪን ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ሒሳቡ ግን ቀላል ነው። ሎጎው ባነሩ ላይ 1.2 ሜትር ወርድ ይይዛል። ያ 1200 ሚሊሜትር ነው። ለ480 ስናካፍለው 2.5 ይመጣል። ስልኩ ላይ በዓይን የማይለይ ነጥብ የነበረው እያንዳንዱ ፒክስል፣ ባነሩ ላይ ጎኑ 2.5 ሚሊሜትር የሆነ ካሬ ይሆናል ማለት ነው።

2.5 ሚሊሜትር ብዙ ነው ወይስ ትንሽ? እሱን የሚወስነው ተመልካቹ የሚቆምበት ቦታ ነው። ጤናማ ዓይን በ1 ሜትር ርቀት ላይ ሆኖ መለየት የሚችለው እስከ 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ያነሰው ይዋሃድበታል። ርቀቱ ሲጨምር ቁጥሩም አብሮ ያድጋል፤ በ3 ሜትር 0.9፣ በ10 ሜትር ደግሞ 3 ሚሊሜትር ይሆናል። የእኛ ባነር የሚሰቀለው ሰው 3 ሜትር ያህል ርቆ በሚቆምበት መግቢያ ላይ ነው። 2.5 ከ0.9 ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ስለዚህ ብልሽቱ ፍጥጥ ብሎ ይታያል። ያው ባነር ፎቅ ላይ ወጥቶ ማንም ከ10 ሜትር በታች የማይቀርበው ቢሆን ኖሮ ግን ያው ሎጎ ሊያልፍ ይችል ነበር። "300 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 300 ነጥብ፣ ካልሆነ አይታተምም" የሚባለው በእጅ ተይዞ ለሚነበብ መጽሔት እንጂ ለባነር አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ባነሩ ላይ የሚታየው ብዙ ጊዜ ካሬ አይደለም። ፕሮግራሙ ሥዕሉን ሲያሳድግ ፒክስሎቹን እያለሳለሰ ስለሚሄድ የምናየው ብዥታ ነው። ፋይሉ ጄፔግ ከሆነ ደግሞ ሌላ ችግር ይጨመርበታል። ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ከፋፍሎ ነው የሚያጭቀው፤ ሲያጭቅ በፊደሎቹ ዙሪያ ግራጫ ቆሻሻ ይተዋል። ስልክ ላይ ማንም አያየውም። በእኛ ልክ ግን አንዱ ካሬ 2 ሴንቲሜትር ይሆናል። ነጭ መደብ ላይ እጁን ያልታጠበ ሰው የነካካው ይመስላል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት አለ። ፎቶሾፕ ውስጥ `Image Size` ከፍተው 72 የሚለውን ዲፒአይ 300 ያደርጉና "አስተካከልኩት" ይላሉ። `Resample` ምልክት ካልተደረገበት የተቀየረው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ ፒክስሉ ያው 480 ነው። ምልክት ከተደረገበት ደግሞ ፕሮግራሙ የጎረቤት ፒክስሎችን አማካይ እያሰላ አዲስ ፒክስል ይሞላል። ፋይሉ ይከብዳል፣ ቁጥሩም ያድጋል። ያልነበረ ጠርዝ ግን ከየትም አይመጣም።

ቬክተር የሚባለው ነገር ይህን ችግር ከሥሩ ያስቀራል። የፒክስል ሥዕል "እዚህ ነጥብ ላይ አረንጓዴ፣ እዚያ ነጥብ ላይ ነጭ" የሚል ረጅም ዝርዝር ነው። ቬክተር ግን የአሣሣል ትእዛዝ ነው። ለምሳሌ አንድ ሦስት ማዕዘን ኤስቪጂ በሚባል የቬክተር ፋይል ውስጥ እንዲህ ተጽፎ ይገኛል፦

```
<path d="M10 10 L90 10 L50 80 Z"/>
```

ሲነበብ፦ ከ10፣10 ተነሣ፤ እስከ 90፣10 መስመር ሳብ፤ ከዚያ ወደ 50፣80 ሂድ፤ መልሰህ ዝጋው። በቃ። ውስጡ አንድም ፒክስል የለም። ባነሩ 100 እጥፍ ይደግ ሲባል ቁጥሮቹ በ100 ይባዛሉ፤ ጠርዙም የሚሣለው በአዲሱ ልክ እንደ አዲስ ነው። ክብ ነገር ሲሆን ትእዛዙ ኩርባ ይጨምራል እንጂ ሐሳቡ ያው ነው።

ስለዚህ ፋይሉን ቬክተር የሚያደርገው ስሙ ሳይሆን በውስጡ ያለው ነው። ጄፔጉን ኢለስትሬተር በሚባለው የቬክተር መሣያ ፕሮግራም ውስጥ ከትቶ ፒዲኤፍ ብሎ ማስቀመጥ ቬክተር አያደርገውም፤ ያው ፎቶ ሌላ ፖስታ ውስጥ ገባ ማለት ነው። "ቬክተሩ ይኸው" ተብሎ የተላከልኝ ስንቱ ፋይል እንዲህ ሆኖ ተገኝቷል! መለየቱ ቀላል ነው። ኢለስትሬተር ላይ `Ctrl+Y` ሲጫኑ ቬክተር ከሆነ የቅርጾቹ ቀጫጭን መስመሮች ይታያሉ። ፎቶ ከሆነ ግን አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ ይቀራል። ኤስቪጂ ከሆነ በጽሑፍ ማረሚያ ይከፈት፤ ውስጡ `<image` የሚል ብቻ ካለና `<path` ከሌለ ተሸውደናል።

ወደ ደንበኛዬ ልመለስ። እንደገና ከመሣል በፊት ዋናውን ፋይል ማፈላለግ ይሻላል። "ቬክተር አለህ?" ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም፤ ብዙ ሰው ምን እንደሆነ አያውቀውም። እኔ የምጠይቀው "ሎጎው ያለበት ፒዲኤፍ አለህ?" ብዬ ነው። የድርጅቱ ደብዳቤ፣ ብሮሸር፣ የድሮ የቢዝነስ ካርድ ፋይል፣ ምንም ይሁን። ፒዲኤፉን ከፍቼ ሎጎውን በ6400 በመቶ ዙም አየዋለሁ። ጠርዙ አሁንም ስል ከሆነ ቬክተሩ እዚያው ውስጥ ነው፤ ኢንክስኬፕ ወይም ኢለስትሬተር ውስጥ ከፍቶ ማውጣት ይቻላል። የዚህ ሰውዬ ግን ሁሉም ብዥ ያለ ነበር። የሠራለት ልጅ ደግሞ ስልኩ አይሠራም።

እንግዲህ ይሣል ወይስ አይሣል? ፎቶ ያለበት፣ ወይም የውሃ ቀለም የመሰለ ውስብስብ ጥላ ያለው ሎጎ ከሆነ መሣሉ ሎጎውን ሌላ ነገር ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን አሳንሶ ማስቀመጥ ይሻላል። ሎጎው ባነሩ ጥግ ላይ 30 ሴንቲሜትር ብቻ ቢይዝ ኖሮ የእኛ ፒክስል 0.6 ሚሊሜትር ይሆን ነበር፤ በ3 ሜትር ያ ያልፋል። ግን ሎጎው ጎላ እንዲል ተፈልጓል፤ ቅርጹ ጠፍጣፋ ቀለም ነው፤ ጽሑፍም አለበት። ሦስቱ ከተገናኙ እኔ ሳላቅማማ እሥላለሁ።

ኢለስትሬተር `Image Trace`፣ ኢንክስኬፕ ደግሞ `Trace Bitmap` የሚባል ነገር አላቸው፤ አንድ ጊዜ ተጭነው ሎጎው ቬክተር ይሆናል። ይሆናል፣ ግን የሚከተለው ብዥታውን ነው። ጠርዙ የት እንደሆነ ስለማያውቅ ይገምታል። ስል ማዕዘን ይደበዝዛል፤ ቀጥ ያለ መስመር ይንቀጠቀጣል፤ የፊደል ቀዳዳ ይደፈናል። የእኔን ቀለበት ሳስሞክረው የወጣው ድንች የመሰለ ክብ ነበር፤ ዙሪያውን መስመሩን በሚይዙ ነጥቦች ተወሯል። ክብ ለመሣል 4 ነጥብ ይበቃል። ነጥቡ ከዚያ በብዙ ከበዛ ማሽኑ የተከተለው ቅርጹን ሳይሆን ቆሻሻውን ነው። ትልቅ፣ ጥቁርና ነጭ የሆነ ሥዕል ላይ ግን ይህ መሣሪያ ግሩም ይሠራል።

በእጅ ስሠራው ጄፔጉን ከታች አስቀምጬ ቆለፍኩት፤ ድምቀቱንም ወደ ግማሽ አወረድኩ። ከዚያ የሣለውን ሰው ሐሳብ መገመት ነው። ቀለበቱን በእጅ መከተል አያስፈልግም፤ ሠሪው ክብ እንደተጠቀመ ግልጽ ነው። የውጪው ክብ 200 ፒክስል፣ የውስጡ 184 ገደማ መጣልኝ። ስለዚህ ሁለት ፍጹም ክቦች ሣልኩና ትንሹን ከትልቁ ቀነስኩት። የቅጠሉ ግራና ቀኝ ተመሳሳይ ነበር። ግማሹን በ3 ነጥብ ሠርቼ ቅጂውን እንደ መስታወት ገለበጥኩት። እዚህ የሚጠቅም ልማድ አለ፦ ነጥብ የሚቀመጠው ኩርባው እጅግ በወጣበት ጫፍ ላይ ነው። እንዲያ ሲሆን መስመሩ ሳይጎረብጥ ይፈሳል።

አስቸጋሪው ጽሑፉ ነው። የስሙን ፎንት ለይቼ አገኘሁት። ካልተገኘ "ይመስላል" ብሎ ሌላ ፎንት መተካት አያዋጣም፤ የድርጅቱ ሰዎች በየቀኑ የሚያዩት ነገር ስለሆነ ወዲያው ይነቁበታል። ፊደሎቹን አንድ በአንድ መሣል ይሻላል። መፈክሩ ግን ቁመቱ 9 ፒክስል ብቻ ነበር። ግማሹ ፊደል አይነበብም። ከመገመት ደውዬ ቃል በቃል አስነገርኩት። ደግሞም ከገመትኩት አንዱ ቃል ሌላ ሆኖ ተገኘ!

ቀለሙን ከጠርዝ ሳይሆን ከቅርጹ መሀል ነው የምወስደው፤ ጠርዝ ላይ ያለው ከነጩ ጋር የተቀላቀለ ነው። ስክሪን ላይ የሚያበራ አረንጓዴ በማተሚያ ቀለም ትንሽ ይፈዛል፤ ይህንን አስቀድሞ መናገር በኋላ ከመከራከር ያድናል። በመጨረሻ ጽሑፉን በሙሉ ወደ ቅርጽ ቀየርኩት፤ ኢለስትሬተር ላይ `Ctrl+Shift+O` ነው። ይህ ካልተደረገ ማተሚያ ቤቱ ፎንቱ ከሌለው ፕሮግራሙ በሌላ ይተካዋል። ፒዲኤፍ አድርጌ አስቀመጥኩ። የሎጎው ነጭ መደብም አብሮ ጠፋ፤ ባለቀለም ባነር ላይ የሚለጠፈው ያ ነጭ ሣጥን የጄፔግ ውርስ ነው።

ባነሩ ከመታተሙ በፊት አንድ ነገር አደረግሁ። ከሎጎው ላይ የቅጠሉ ጫፍና የስሙ ሁለት ፊደሎች የሚወጡበትን ክፍል ቆርጬ፣ በእውነተኛው ልኩ በኤፎር ወረቀት አተምኩ። ከጎኑ ያንኑ ክፍል ከጄፔጉ አተምኩ። ሁለቱን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ደንበኛውን 3 ሜትር ራቅ ብሎ እንዲቆም አደረግሁት። ለመሣሉ ለምን ተጨማሪ እንደጠየቅሁት እስከዚያ ድረስ ያጉረመርም ነበር። ትንሽ አየና "ያኛው ምን ሆኖ ነው ውሃ የነካው የሚመስለው?" አለኝ።