ደረት፣ ወገብና ዳሌ እኩል አይጨምሩም

ፓተርን ከሳይዝ ወደ ሳይዝ ስናሳድግ «4 ሳንቲ ጨምር» ሲባል ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። 4 ሳንቲሜትሩ የሙሉ ዙሪያው ነው። ወረቀታችን ላይ ያለው ደግሞ ሩቡ ብቻ ነው፤ የፊት ግማሽ ወይም የኋላ ግማሽ። ስለዚህ ጎን ስፌቱ ላይ የምንጨምረው 1 ሳንቲ ነው። አራቱንም እዚያው የጨመረ ሰው ቀሚሱን በ16 ሳንቲ ያሰፋዋል። ይህ በአራት የመካፈል ሕግ የትም አይለወጥም።

የሚለያየው የጭማሪው መጠን ነው። በትንንሽ ሳይዞች ሦስቱም ብዙ ጊዜ በ4 ያድጋሉ። ትልልቆቹ ላይ ግን ወገብ ከዳሌ ይበልጥ የሚሰፋባቸው ሰንጠረዦች ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ደረት ከ112 ወደ 118፣ ወገብ ከ96 ወደ 102፣ ዳሌ ከ118 ወደ 123 ይሄዳል እንበል። ለሩቡ ሲካፈል ደረትና ወገብ ላይ 1.5፣ ዳሌ ላይ 1.25 ይሆናል።

እዚህም ያንኑ 1 ሳንቲ ከቀጠልን ወገቡ በየሳይዙ 2 ሳንቲ ይጎድለዋል። ሦስት ሳይዝ ስንወጣ 6 ሳንቲ ደረሰ ማለት ነው፤ ዚፑ እምቢ የሚለው ያኔ ነው። እኔ ጎን ስፌቱን ከመቁረጤ በፊት ሦስቱም ቦታ ላይ የጨመርኩትን በሜትር ለክቼ በአራት አባዛለሁ። ውጤቱ ከሰንጠረዡ ልዩነት ጋር ካልገጠመ መቀሱን አላነሳም። ልብሱ ላይ ለምቾት የምንተወው ትርፍ ስፋት ለሁሉም ሳይዝ አንድ ከሆነ ሂሳቡን አይነካውም።