ትርፉ አለ፣ ገንዘቡ ግን የለም

አንድ የእንጨት ሥራ ቤት ለሆቴል ጠረጴዛ በ400,000 ብር ሊሠራ ተዋዋለ እንበል። ለጣውላ 200,000 ብር፣ ለሠራተኞች በየሳምንቱ 25,000 ብር ለአራት ሳምንት ያወጣል። ትርፉ 100,000 ብር ነው፤ ጥሩ ሥራ ነው። ነገር ግን ጣውላ ሻጩ ዱቤ አያውቅም፤ ሆቴሉ ደግሞ የሚከፍለው ዕቃውን ከተረከበ ከ30 ቀን በኋላ ነው።

ባለቤቱ ሲጀምር በእጁ 260,000 ብር ነበረው። አንደኛው ሳምንት ሲያልቅ 35,000፣ ሁለተኛው ሲያልቅ 10,000 ብር ይቀረዋል። በሦስተኛው ቅዳሜ ለደመወዝ 15,000 ብር ይጎድለዋል። የሒሳብ መዝገቡ ሽያጩን በርክክብ ቀን ስለሚጽፍ ይህን ጉድለት አያሳይም።

የሚያሳየው ሳምንታዊ የገንዘብ ትንበያ ነው። ለ13 ሳምንታት ሰንጠረዥ ይሰመራል፤ በእያንዳንዱ ሳምንት መነሻ ገንዘብ፣ የሚገባ፣ የሚወጣና ቀሪ ይጻፋል። ቀሪው የቀጣዩ ሳምንት መነሻ ይሆናል። ብዙዎች የሚሳሳቱት ገቢውን በደረሰኙ ቀን ሲጽፉ ነው፤ መጻፍ ያለበት ደንበኛው በልማዱ በሚከፍልበት ሳምንት ነው። ሁልጊዜ የሚዘገይ ከሆነ ውሉ ምንም ይበል፣ አዘግይታችሁ ጻፉት። የቤት ኪራይና ግብርም አይረሱ።

ባለቤቱ ውሉን ከመፈረሙ በፊት ይህን ቢያሰላ ኖሮ 30 በመቶ ቅድሚያ ክፍያ፣ ማለትም 120,000 ብር ይጠይቅ ነበር። ያኔ በሦስተኛው ቅዳሜ 105,000 ብር ይኖረዋል። ሆኖም ሌላ ሥራ ሳይገባ ደመወዙ ከቀጠለ በስምንተኛው ሳምንት እንደገና 20,000 ብር ይጎድለዋል፤ የሆቴሉ ቀሪ ክፍያ የሚጠበቀው ግን በዘጠነኛው ሳምንት መጀመሪያ ነው።